ግልባጭ ያልነበሩት መስመሮች

ጥሩ ወሬ ስሰማ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ያኔ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ቡድናችንን የሚመሩት ሐኪም የስብሰባ ክፍሉን መጋረጃ ዘግተው፣ ፕሮጀክተሩን አብርተው፣ ግድግዳው ላይ በወጠርነው ነጭ አቡጀዲ ላይ የውጤቱን ስላይድ ሲያሳዩን፣ ሳላውቀው ከወንበሬ ተነስቼ አቡጀዲው ስር ደርሻለሁ። ከኋላዬ «እባክሽ ጥላሽን ውሰጂልን» ሲሉኝ ነው ቁጥሮቹ ግንባሬ ላይ እንደበሩ የገባኝ።

የተደሰትኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጉለሌ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ የምንሠራ አነስተኛ የጤና ምርምር ቡድን ነበርን። በጋውን ሙሉ በሰፈሩ ቤቶች ስንመላለስ ነው የከረምነው። ለገሚሶቹ ቤቶች የውሃ ማከሚያ የክሎሪን ዱቄት ከነመለኪያው ሰጠን፤ ለገሚሶቹ ጥናቱ ሲያልቅ ልንሰጣቸው ቃል ገባን። ከዚያ በሁለቱም ዘንድ ሕፃናቱን ተቅማጥ ስንቴ እንደያዛቸው እየዞርን ጠየቅን። ውሃው ከቦኖ ሲቀዳ ደህና ነው፤ የሚበከለው ቤት ገብቶ እንስራና ጀሪካን ውስጥ ሲያድር፣ ጣሳና እጅ ሲገባበት ነው። ዱቄቱ የታሰበው ለዚያ ነበር።

እና ሠራ። ዱቄቱን በተጠቀሙት ቤቶች ተቅማጡ በጉልህ ቀንሷል። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስታትስቲክስ ተምሬ ገና መውጣቴ ስለነበር፣ ልዩነቱ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችል እንደሆነ ማስላት የኔ ድርሻ ነበር። ደጋግሜ አሰላሁት፤ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። በዚያ ዘመን የምንሰማው ወሬ ሁሉ የጦርነትና የድርቅ ነበርና፣ በገዛ እጃችን የሠራነው ነገር የሰፈራችንን ሕፃናት እንደጠቀመ በቁጥር ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ልቤ ጮቤ ረገጠች። ሐኪሙ ራሳቸው፣ ፈገግታ የሚባል ነገር የማይታይባቸው ሰው፣ ስላይዱን በቀየሩ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠራርጉ ነበር።

ከአንዳንዱ ቁጥር ራስ ላይ ግን ትንሽ ኮከብ ነበረች። ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን በምታህል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮከቧ ምን ልትል እንደመጣች ተጽፏል። ሐኪሙ እነዚህን ግርጌዎች አንድም ሳይዘሉ፣ ትልልቁን ቁጥር ባነበቡበት ድምፅ አነበቡልን። አንደኛው፦ የተጠኑት ቤቶች ሁሉ የሚጠቀሙት ከቦኖ የተቀዳ የጠራ ውሃ ነው፤ ድፍርስ ውሃ አልተሞከረም። ሁለተኛው፦ መረጃው የተሰበሰበው በበጋ ብቻ ነው። ሦስተኛው፦ የዱቄቱን ሽታ ጠልተው በመሃል ያቋረጡ ቤቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

«እነዚህን ሦስቱን አደራ» አሉኝ መብራቱ ከበራ በኋላ። አደራው ለኔ የሆነው ስላይዶቹን በአንድ ገጽ አማርኛ የማሳጥረው እኔ ስለነበርኩ ነው። ገጹ የሚሄደው ከፍተኛ ወደሚባለው፣ የአካባቢውን ቀበሌዎች በበላይነት ወደሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ነበር። እዚያ ያሉት ሊቀመንበር በሕዝብ ስብሰባ ላይ ገጹን ያቀርባሉ፤ ሕዝቡ ይወያያል፤ ውሳኔ ይተላለፋል። ውሳኔው ዱቄቱ ይታደል አይታደል ብቻ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አልነበረም። ግን አብሮት ሌላ ጉዳይ ነበረ፤ እሱም የውሃ ቦቴው።

ቦቴው ከበላይ ሰፈሮች ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ከታች ቦኖ አለ። ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ፣ ጫካው አፋፍ ላይ ያሉት ቤቶች ጋ ግን ቧንቧው አይደርስም። ያላቸው ከገደሉ ስር የምትፈልቅ አንዲት ምንጭ ናት። በበጋ ኩል ትመስላለች፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሁሉ ወደ እሷ ወርዶ ቀይ ጭቃ ትሆናለች። ታላቅ እህቴ የምትኖረው እዚያ ነበር። ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጇ በተቅማጥ ተይዛ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስታለቅስ እንባ እስክታጣ ደርሳ፣ ሆስፒታል በጉሉኮስ ነው የተረፈችው። የእህቴ ልጅ ብቻ አልነበረችም እንደዚያ የሆነችው። ከዚያ ወዲህ ነው ቦቴው ውሃ ይዞላቸው ሽቅብ መውጣት የጀመረው። አሁን ግን ነዳጅ ጠፍቷል፣ ቦቴው አንድ ነው፣ ጨርሶ ውሃ የሌለው ሌላ ቀበሌ ደግሞ «ለእኛ ስጡን» እያለ ይጮሃል። ሊቀመንበሩ የሚጠብቁት የእኛን ወረቀት ነበር። ዱቄቱ ውሃን የሚያነጻ ከሆነ የበላይ ሰፈር ሰው ከምንጩ እየቀዳ ዱቄት ይጨምር፤ ቦቴው ወደዚያኛው ይሂድ። ክፋት የለበትም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ አስብ ነበር።

ገጹን ጻፍኩት። ዛሬም ቢሆን እሱን ጽሑፍ አልነቅፈውም፤ ስላይዶቹ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ አለበት። ውጤቱ በላይ፣ ሦስቱ ማስታወሻዎች በግርጌ። የአማርኛው ታይፕራይተር ፊደል አያሳንስም፤ ስለዚህ ጸሐፊዋ ዋናውን ጽሑፍ መስመሩን አራርቃ፣ ግርጌውን አጠጋግታ መታችው። የኮከብ ቁልፍም አልነበረውም፤ ኮከቦቹን እኔው በቀይ እስክሪብቶ ሣልኳቸው። ሐኪሙ አንብበው ፈረሙ። እኔም ወረቀቱን አቅፌ ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት በረርኩ ማለት ይቀላል።

ሊቀመንበሩ ትልቅ ድምፅ ያላቸው ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ያውቁታል፤ ይወዱታልም። ከሕዝብ ፊት የሚቀርብን ወረቀት ሁሉ አስቀድመው ቢሯቸው ውስጥ ቆመው ይለማመዱታል። አዳራሽ የሚመጣው ሰው ግማሹ ፊደል የቆጠረው ገና በመሠረተ ትምህርት ስለነበረ፣ ወረቀት ማለት የሚነበብ ሳይሆን የሚሰማ ነገር ነው። እኔ ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። እዚያው ሰፈር አድጌ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስንት ወረቀት ሰምቼ! ከራሴ ወረቀት ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

«ተቀመጪ ጓድ፣ እስቲ ስሚልኝ» አሉና ተነሱ። የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋም ነበረች፤ እሷም ወንበሯን አዞረች።

አነበቡት። አቤት ሲያነቡት! በጉልህ መቀነሱን ሲሉ ድምፃቸው መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ገላዬን ውርር አደረገኝ። ቀያይ ኮከቦቹ ጋ ሲደርሱ ለአፍታ እንኳ አልተደናቀፉም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ደርሰው፣ በየወረቀቱ መዝጊያ የሚሰፍረውን መፈክር አሰምተው፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ተጠሪዋ አጨበጨበች።

እኔ ቀሪውን እየጠበቅኩ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የታችኛውስ?» አልኳቸው።

«የቱ የታችኛው?»

«ግርጌው ላይ ያሉት ሦስቱ።»

ወረቀቱን አነሱና አዩት። «ይሄ? ይሄማ ግልባጭ አይደለም እንዴ?»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በመንግሥት ደብዳቤ ግርጌ፣ ከግራ በኩል፣ በተጠጋጉ አጫጭር መስመሮች የሚጻፈው የደብዳቤው ቅጂ ለእነማን ለእነማን እንደተላከ ነው። ግልባጭ ይባላል። በዚህ አገር ግልባጭን ለሕዝብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበበ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ሊቀመንበሩ ሰነፍ አንባቢ ስለሆኑ አይደለም የዘለሉት፤ ጥንቁቅ የቢሮ ሰው ስለሆኑ ነው።

«ኮከቦቹስ?» አልኩ።

«ኮከቦቹማ አምረዋል። ለአብዮቱ በዓል ብለሽ መስሎኝ።»

ተጠሪዋ ሳቀች፤ እኔም መሳቅ ፈለግሁ፤ ደሜም ፈላ፤ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። እየተንተባተብኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ድፍርስ ውሃ አልተሞከረም፣ ጭቃ የዱቄቱን ኃይል ስለሚበላው ያው ልክ ይበቃል ማለት አይቻልም፣ የተጠናው በበጋ ነው... ሊቀመንበሩ ትዕግሥት አላጡም። «ገባኝ፣ ገባኝ። ጥሩ ነው፣ በቃ ይሄ የእናንተ የባለሙያዎቹ ነው፤ ፋይላችን ውስጥ ይቀመጣል። ሕዝቡን ግን በዝርዝር አናደናግረው። እሑድ አንብቤ ዱቄቱን አስወስናለሁ፤ ቦቴውም ያንን የተጠማ ሰፈር ያጠጣል።» የተጠማ ሰፈር ሲሉ ከልባቸው ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ቢሮ መመለስ ሲገባኝ እግሬ ሽቅብ ወሰደኝ። ሰማዩ ከእንጦጦ ወዲያ ጠቁሯል። እህቴ ጋ ስደርስ ደጃፉ ላይ ጀሪካን ታጥባለች፤ ልጅቱ ቀሚሷን ይዛ እየተንገዳገደች መራመድ ትለማመዳለች። ልጅቱ ወፍራለች፤ ጉንጯ ተመልሷል። እኔን ስታይ ሳቀች፤ ጥርሶቿ ከወትሮው በዝተዋል። ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። ፈርቼ እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ይህቺን ልጅ ሰው ሊያጠፋት አይደለም፣ ምቀኛም የላት፤ አንድ በጎ ሰው በደህና ድምፅ የአንድ ገጽ ሁለት ሦስተኛ ስላነበበ ብቻ ወደዚያ ጭቃ ልትመለስ ነው።

«ውጤቱ መጣ አይደል?» አለች እህቴ። «ፊትሽን አይቼዋለሁ። ዱቄቱ ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

«ከቦቴው የመጣ የጠራ ውሃ ከሆነ በበጋ በጣም ጥሩ ነው፤ ክረምቱን ገና አላየነውም» አልኳት ወዲያው። «ከምንጩ ከሆነ ግን፣ ክረምት ሲደፈርስ ማለቴ ነው፣ አልሞከርነውም፤ አትመኚበት። ደግሞ ሽታውን ጠልተሽ ከተውሽው አይጠቅምሽም፤ የጠቀመው ሳያቋርጥ ለተጠቀመ ነው።»

እሷ ራሷን ነቅንቃ ጀሪካኗን ማጠቧን ቀጠለች፤ እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ይኸው ሦስቱንም ነገርኳት። ግርጌ የለ፣ ኮከብ የለ፣ አንዱም አልጠፋም፣ ትንፋሽ እንኳ አላጠረኝም። ለእህቴ ስናገር «ዱቄቱ ጥሩ ነው» ብዬ አቁሜ፣ ቀሪውን ጎንበስ ብዬ ጫማዋ ላይ አልጻፍኩላትም። እንዴት ነው ታዲያ ወረቀት ላይ እንደዚያ ያደረግሁት? በአፍ የሚነበብ ወረቀት ላይ ግርጌ የለም። በአፍ የሚነበበው ሁሉ መሃል ነው።

ልጅቱን ለእናቷ መልሼ ሰጥቼ እግሬ አውጪኝ አልኩ። እህቴ ከኋላዬ «ምን ነካሽ? ሻይ እንኳ ሳትጠጪ?» ስትል ሰማኋት። ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት፤ ዝናቡም እኩል ጀመረ። ሐኪሙ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ደረስኩ።

ነገሩን ስነግራቸው ካፖርታቸውን አወለቁ። ግልባጩ ጋ ስደርስ ሳቁ። ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስሠራ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ከበደ።

«ሁሉንም መሃል ብናስገባው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አልተሞከረም፣ አልተጠናም፣ አልተቆጠረም እያልሽ ስትደረድሪ፣ ሰው የሚሰማው አይሠራም ማለታችን እንደሆነ ነው። ያኔ ዱቄቱንም ይተዉታል። እኔ ይህንን ውጤት ለማግኘት በጋውን ሙሉ የለፋሁት እንዲተዉት አይደለም።»

እውነታቸውን ነበር፤ አላሰብኩበትም። ከልክ በላይ ማጋነን ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ከልክ በላይ መፍራትም ያንኑ ያህል ይዋሻል። ተቀመጥን። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን ይዛ ተነስታ ነበር፤ ፊታችንን ስታይ ተመልሳ የታይፕራይተሩን ክዳን አነሳች።

መጀመሪያ የተጣላነው «ውሃን ያነጻል» በሚለው ላይ ነው። የእሳቸው የመጀመሪያ ስላይድ ርዕስ እንደዚያ ይል ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በትልቁ። «የትኛውን ውሃ?» አልኳቸው። «እኛ የለካነው የሕፃናቱን ተቅማጥ እንጂ ውሃውን አይደለም» ስል ጨመርኩ፤ አፌ ያመጣውን ነው የምናገረው። እሳቸው ጢማቸውን እያሹ፣ «እሱን ርዕስ ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። ስላይዱ አንዴ ፎቶ ተነስቷልና አይቀየርም፤ በአማርኛው ግን «በእነዚህ ቤቶች የሕፃናት ተቅማጥ ቀንሷል» ሆነ።

ቀጥሎ ቦታ ጠበበን። ሊቀመንበሩ ከአንድ ገጽ በላይ አያነቡም፤ ከዚያ እንደማናሳልፍ ቃል ሰጥተናቸዋል። የጥናቱን ታሪክ ቆረጥን። የተባባሪ መሥሪያ ቤቶችን ምስጋና ቆረጥን። የኔን ስሌት፣ ያን ሁሉ የደከምኩበትን፣ በአንዲት ሐረግ ጨረስነው፤ ትንሽ አንጀቴን በላኝ። መፈክሩን ማንም አልነካም፤ እሱን የመንካት ድፍረት አልነበረንም። ሐኪሙ «በጋ» የሚለውንም ለመቁረጥ ሞከሩ፤ ከድፍርሱ ጋር አንድ ነገር ነው ብለው። አንድ አይደለም አልኳቸው። በክረምት ታች ያለ፣ የጠራ የቦኖ ውሃ የሚጠጣ ሰውም አልተጠናም፤ ዝንቡ ይበዛል፣ ጭቃው ይበዛል፣ ተቅማጡ በሌላ መንገድ ይመጣል። ሲከራከሩኝ ቆይተው እርሳሳቸውን አስቀመጡ።

ከሁሉ የከበደን ግን የእሳቸው ፍርሃት ነበር፤ አልተሞከረም የሚለው አይሠራም ተብሎ እንዳይሰማ። ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፤ ምን እንደገባት ጠየቅናት። «አይሠራም» አለች። ቀየርን። «ይሠራል» አለች። እንደገና ቀየርን። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኔ እየጮኽኩ ነው የማነበው፤ ሐኪሙ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ክፍሉን ይዞራሉ። እንደዚያ ቀን ሥራዬን የወደድኩበት ቀን የለም። በመጨረሻ ጸሐፊዋ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ገና አታውቁትም ማለት ነው» አለች። ሐኪሙ ቆሙ። «እሱን ነው! እሱን ምቺው።»

እንዲህ ሆነ፦ «ከቦኖ የተቀዳ የጠራ ውሃ የሚጠቀሙ ቤቶች፣ በበጋ ወራት፣ ዱቄቱን ሳያቋርጡ ሲጠቀሙ የሕፃናት ተቅማጥ በጉልህ ቀንሷል። ስለዚህ በእንደዚህ ያሉ ቤቶች ዱቄቱ ቢታደል ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በክረምት እንዴት እንደሚሆን ገና አናውቅም። በድፍርስ ውሃ ላይ ይሥራ አይሥራም ገና አናውቅም፤ ጭቃ የዱቄቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ተሞክሮ እስኪታወቅ ድረስ የጠራ ውሃን ተክቶ ሊታሰብ አይገባም።» ከመፈክሩ በታች ባዶ ነው። ነጭ።

ሊቀመንበሩ አዲሱን ወረቀት ሲቀበሉኝ መጀመሪያ ያዩት ግርጌውን ነበር። «ግልባጩ የለም» አሉ። «የለም» አልኳቸው። የሚሉትን ለመስማት ሳልቆይ ወጣሁ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስላይድ ይታያል ተብሎ ስለተወራ፣ ፊልም የመሰላቸውም መጥተዋል። አቡጀዲው ተወጠረ፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ፣ ሐኪሙ ስላይዶቹን አሳዩ፣ ሰው «እሰይ» አለ፤ ከእንግሊዝኛው የገባው ባይኖርም አንደኛው ዓምድ ከሌላኛው ማጠሩ ለማንም ይታያል። እህቴ ከበላይ ሰፈር ሴቶች ጋር ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ልጅቱን አዝላለች።

ሊቀመንበሩ ተነሱ። ማንበብ ጀመሩ። ያ ድምፅ፣ ያ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ «በበጋ ወራት» አለ፤ «የጠራ ውሃ» አለ፤ «ገና አናውቅም» ሲልም ያው ድምፅ ነው፣ ዝቅ አላለም። የሚዘሉት ነገር አልነበረማ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሐኪሙን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸውም ጉሮሯቸውን እየጠራረጉ ነው።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው በራሳቸው ቃል ሊያጠቃልሉ ጀመሩ።

«እንግዲህ ጓዶች፣ ባጭሩ ዱቄቱ ውሃን ያነጻል ማለት ነው። ስለዚህ የቦቴው ጉዳይ...»

ቅስሜ ስብር አለ። ለወረቀቱ መላ አበጀንለት፤ ለ«ባጭሩ» ግን ምን ይደረግለታል? ልነሳ ስል ሐኪሙ ክንዴን ያዙኝ። ከበሩ በኩል አንዲት ሴት ቀድማኝ ተነስታለች። እህቴ ናት። በሕይወቷ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም፤ ልጅቱ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«ይቅርታ ጓድ ሊቀመንበር» አለች። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ሰው ሁሉ ሊሰማት ዝም አለ። «እርስዎ ሲያነቡ የጠራ ውሃ ከሆነ ብለዋል። የደፈረሰውን ገና አናውቅም ብለዋል። የእኛ ምንጭ በክረምት ድፍርስ ነው። አሁን ባጭሩ ሲሉ እሱ ቀረ።»

«አዎ፣ ብለዋል» አለ አንድ ሽማግሌ ከመሃል። «በበጋም ብለዋል» አለች ሌላዋ። «ሳታቋርጡ ያሉትም አለ።» ከየአቅጣጫው እየተነሳ፣ የገጻችንን ቁርጥራጭ ሰው እየመለሰ አቀረበላቸው። አንዲትም አልጠፋችም ነበር። ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ታጥፏል፤ ጽሑፉ አዳራሹ ውስጥ ቆሟል።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡት፣ ዘረጉት፣ ለራሳቸው አነበቡት። እንደዚያ በዝምታ ሲያነቡ ማንም አይቷቸው አያውቅም። ቀና ሲሉ፣ «ልክ ናችሁ» አሉ። «አሳጥሬዋለሁ፤ ስላሳጠርኩት ተበላሽቷል።» ያን ዓረፍተ ነገር ስላይድ ላይ ብጽፈው እወድ ነበር።

ክርክሩ ረዘመ፣ የተጠማው ቀበሌም ሰዎች ልኮ ነበርና ተቆጡ፤ መቆጣታቸውም አግባብ ነበረው። ውሳኔው ዱቄቱ ቦኖ ባለበት ሁሉ እንዲታደል ሆነ። ቦቴው ክረምቱ እስኪወጣና ሐኪሙ ድፍርሱን ውሃ እስኪሞክሩት የበላይ ሰፈሩን ሳይለቅ፣ ምልልሱን ከሌላኛው ቀበሌ ጋር ይካፈል ተባለ። ለማንም ሙሉ ድል አልነበረም። እኔ ግን እህቴን በሩ ላይ አግኝቼ ስስማት ጉንጬ በእንባ ርሷል፤ እሷ «አንቺ ደጅ ቆመሽ የነገርሽኝን እኮ ነው የነገርኳቸው» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት።

ክረምቱ ሲበረታ፣ ምንጯ ቀይ ሆና በፈላችበት ሰሞን፣ አንድ ቀን የሙከራ ውሃ ልቀዳ ወደ ላይ ወጣሁ። ቦቴው ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ተሰልፈዋል። ከፊቴ የቆሙትን ሁለቱን አላውቃቸውም፤ እነሱም አያውቁኝም። አንደኛዋ ዝናቡና ሰልፉ ሰልችቷት፣ ከምንጩ ቀድታ ዱቄቱን ብትጨምርበት ምን እንዳለው እያጉረመረመች ነበር።

«የደፈረሰው ላይ አይሠራም ብለዋል እኮ» አለች ራሷው፣ ለመሄድም ለመቆምም እያመነታች።

ሁለተኛዋ ጀሪካኗን በእግሯ ወደፊት ገፋ አደረገች። «አይሠራም አላሉም» አለቻት። «ገና አናውቅም ነው ያሉት። እስኪያውቁ ድረስ ከቦቴው ቅጂ።»